እትዬን ሳላስቀይም እምቢ የምለው እንዴት ነው? (ጥያቄዬና እስካሁን የመጡት መልሶች)

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ከከፈትኩት ዘጠኝ ቀን ሆነው። መልሱ በዝቶ አዲስ የገባ ሰው ከላይ እስከ ታች ማንበብ ስለከበደው ጥያቄዬን ከነመልሶቹ በየቁጥራቸው እዚህ በራሴ አባባል ጻፍኳቸው። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም፣ ያልሆነ ነገር ብዬ ከሆነ ባለቤቱ ያርመኝ።

ጥያቄዬ ይሄ ነበር። የልጄን ክርስትና ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፌ ሰው እንኳን ደስ ያላችሁ እያለኝ ነበር። እዛው ስር እትዬ ኮሜንት አደረጉ። እትዬ ደሴ እያለን ጎረቤታችን ነበሩ፣ እናቴ ሥራ ስትውል ምሳዬን የምበላው እሳቸው ቤት ነበር፣ ስታመም ሆስፒታል አዝለው የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው፣ ስለዚህ ለእኔ ጎረቤት ብቻ አይደሉም። ኮሜንቱ ሲጀምር ምርቃት ነው፣ እግዜር ያሳድግልህ ምናምን፣ ከዛ ወረድ ሲል ለልጁ ከአሁኑ አስብለት ይልና በ4,500 ብር አንድ አፕ ላይ ተመዝግበህ በቀን ጥቂት ቪዲዮ እያየህ 150 ብር ታገኛለህ፣ እኔ እያገኘሁ ነው፣ ሊንኩ ይሄው ይላል። ከስሩ ደግሞ የቴሌብር ስክሪንሾት ለጥፈዋል፣ ሦስት ጊዜ 900 ብር እንደገባላቸው የሚያሳይ።

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ አልገባም፣ ያ አያጠያይቅም። የጨነቀኝ መልሱ ነው። ዝም ብል ንቆኝ ነው ይላሉ፣ ማጭበርበር ነው ብዬ እዛው ብጽፍ አገር ምድሩ የሚያውቃቸውን ሴትዮ ሌባ ያልኳቸው ይመስላል፣ ባጠፋውም ያዩታል። ይሄን እያሰብኩ ሳለሁ ደግሞ ከኮሜንታቸው ስር ሦስት ሰው ዝርዝሩን ላኩልኝ ብሎ ጻፈ፣ አንዷ የአክስቴ ልጅ ናት። እና ምን ብዬ ልመልስላቸው ብዬ ጠየቅኩ።

1ኛ መልስ። በዕድሜ ገፋ ያሉ የሚመስሉ ሰው ናቸው፣ አጻጻፋቸው ረጋ ያለ ነው። ዝምታም መልስ ነው ባይ ናቸው። ትልቅ ሰው መልስ ካጣ ይገባዋል፣ ለምርቃቱ አሜን ብለህ ሌላውን እንዳላየ እለፈው ብለው መከሩኝ።

2ኛ መልስ። ይሄኛው በጣም ቁጡ ነው። በእንደዚህ ዓይነት ነገር ወንድሙ የተበላበት መሰለኝ፣ ግን አልተናገረም። የሰው ገንዘብ ለማስበላት ሊንክ የሚለጥፍ ሰው አክብሮት አይገባውም፣ እዛው ሌባ ብለህ ጽፈህ ብሎክ አድርግ አለኝ። እናቴም ብትሆን አልምርም የሚል ነገር ጨመረበት። ብዙ ሰው ላይክ አደረገለት፣ እኔ ግን እትዬን ብሎክ የማደርግበት ሆድ የለኝም።

3ኛ መልስ። ፒያሳ ሞባይል ጥገና የምትሠራ ልጅ ናት፣ ሁላችንም ያላሰብነውን ነገር ነው ያነሳችው። መልስ ከመስጠትህ በፊት የጻፉት እሳቸው መሆናቸውን አረጋግጥ አለችኝ። እሷ ጋ በሳምንት ውስጥ አካውንታቸው የተወሰደባቸው ሰዎች ይመጣሉ፣ አብዛኞቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ስልካቸው ላይ የመጣውን ኮድ ለሆነ ሰው ነግረው ነው የሚወሰድባቸው። የወሰደው ሰው ደግሞ የድሮ መልእክቶቻቸውን አንብቦ ማንን ልጄ እንደሚሉ፣ እንዴት እንደሚመርቁ አጥንቶ ልክ እንደነሱ ይጽፋል። ስለዚህ ኢንቦክስ ላይ እርስዎ ነዎት ወይ ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፣ የሚመልስልህ ሌባው ነው፣ በስልክ ደውለህ ድምፃቸውን ስማ አለች። እውነተኛ ስክሪንሾትም ቢሆን ከሌላ ሰው ተወስዶ ሊለጠፍ ይችላል ብላለች።

የዛኑ ቀን ደወልኩ፣ ለክርስትናው ስላልመጡ ቀሩብኝ በሚል ነበር የጀመርኩት። ራሳቸው ናቸው የጻፉት፣ እንዲያውም አየኸው ወይ ብለው እሳቸው ቀድመው አነሱት። ድንጋጤዬ በስልክ እንዳይሰማ ልጁ አለቀሰ ብዬ ዘጋሁ። ይሄን ማድረጌ ልክ አልነበረም፣ ለምን እንደሆነ 10ኛው ላይ ይመጣል።

4ኛ መልስ። ይሄ ልጅ ራሱ የመዋቢያ ዕቃ በኔትወርክ የሚሸጥ ነው፣ አልደበቀም። የሱ ሀሳብ ሁሉንም በአንድ ዓይን አትዩ ነው። የሚሸጥ ዕቃ ካለና ድርጅቱ ንግድ ፈቃድ ካለው ችግር የለም፣ ችግሩ ዕቃ የሌለው ላይ ነው፣ ስለዚህ እትዬን ፈቃዱን አሳዩኝ ብለህ በትህትና ጠይቃቸው አለ። ግማሹ ልክ ነው፣ ምክንያቱም የእትዬ አፕ ምንም የሚሸጠው ነገር የለውም፣ ቪዲዮ ማየት ለማንም አይጠቅምም። ግማሹን ግን 5ኛው አረመው።

5ኛ መልስ። ሕግ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ጽሑፉ አጭርና ደረቅ ያለ ነው ግን ጨዋ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ፒራሚድ ሽያጭን ሲከለክል የሚያወራው ዕቃ ስለሌለው ብቻ እንዳልሆነ አስረዳ። ዕቃ ወይም አገልግሎት ገዝተህ ወይም ገንዘብ አዋጥተህ፣ በአንተ በኩል ሌሎች ሲገዙ ወይም ሲያዋጡ ተጨማሪ ጥቅም ታገኛለህ የሚባልበት አሠራር እዛ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሳሙና መሃል ላይ ስለተቀመጠ ብቻ አያመልጥም፣ ገንዘቡ የሚመጣው ከሳሙናው ነው ወይስ ከሚገባው ሰው ነው የሚለው ነው መታየት ያለበት። ንግድ ፈቃድም ቢሆን መነገጃ እንጂ የሕዝብ ገንዘብ አስቀምጦ ወለድ መክፈያ አይደለም፣ ለዛ ፈቃድ የሚሰጠው ብሔራዊ ባንክ ነው። ደግሞም ፈቃድ አሳዩኝ ማለት እምቢ ማለት አይደለም ብሎኛል፣ ነገ የሆነ ማህተም ያለበት ወረቀት ፎቶ ቢልኩልህ ምን ልትል ነው?

4ኛው ተመልሶ መጥቶ የሱ ዕቃ ጥሩ መሆኑን በረጅሙ ጻፈ፣ እዛ ላይ ትንሽ ተካረሩ። አልተስማሙም፣ እኔም እዚህ አልደግመውም።

6ኛ መልስ። ከጅዳ የጻፈችው እህታችን ናት፣ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። የሷን ሳነብ ሁለት ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። የገዛ ታናሽ እህቷ ናት ከአገር ቤት እንዲህ ዓይነት ነገር የላከችላት። እሷም እህቷን ላለማስከፋት እምቢ አላለችም፣ አሁን እጄ ላይ የለም ደመወዝ ሲደርስ እናያለን አለቻት። ደመወዝ ሲደርስ እህቷ አስታወሰቻት። በሚቀጥለው ወር አሠሪዎቼ አልከፈሉኝም አለች፣ ተከፈለሽ ወይ ብላ እህቷ በየሳምንቱ ጠየቀች። አራት ወር እንዲህ ምክንያት እየፈለገች ቆይታ ሲያልቅባት 1,500 ሪያል ላከች። ልትገባበት ፈልጋ አይደለም የላከችው፣ ዋሽታ ዋሽታ ስላፈረች ነው። አፑ በሁለተኛው ወር ጠፋ፣ አሁን ከእህቷ ጋር የሚነጋገሩት በእናታቸው በኩል ነው። የመጀመሪያ ቀን እምቢ ብላት ኖሮ አንድ ሳምንት ታኮርፈኝ ነበር ብላለች፣ አሁን ግን ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው።

7ኛ መልስ። ዋሽንግተን የሚኖሩ አባት ናቸው፣ ጥያቄዬን ያነበቡት በፍጥነት መሰለኝ። ዕቁብን የሰደብኩ መስሏቸው በጣም ተቆጡ። እሳቸው እዛ አገር ሲገቡ ባንክ አላበድርም ሲላቸው የመጀመሪያ ታክሲያቸውን የገዙት በዕቁብ ነው፣ ያንን ማጭበርበር ማለት ነውር ነው አሉኝ።

8ኛ እና 9ኛ መልስ። ሁለቱም ለሳቸው ነው የመለሱት። 8ኛው በትህትና አባቴ ማንም ዕቁብን አላነሳም አለ። 9ኛዋ ደግሞ ልዩነቱን አንድ ነገር ላይ አሳየች፣ ደስ ያለኝ አገላለጽ ነው። 20 ሰው 1,000 ብር እየጣለ ዕቁብ ቢገባ እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ 20,000 ያነሳል፣ ሲያልቅ 20,000 ጥሎ ይጨርሳል፣ ማንም የጣለውን ያህል ነው የሚያገኘው፣ ልዩነቱ ማን ቀድሞ አነሳ ነው። ዕቁብ አዲስ ሰው ባይገባም ያልቃል። ያኛው አዲስ ሰው ካልገባ ይሞታል። ከዛ በኋላ ወሬው ወደ ዕቁብ ዳኛ፣ አንስቶ ስለሚጠፋ ሰው፣ ዋስ ስለመጥራት ሄደና አድሚኑ ወደ ጥያቄው ተመለሱ ብሎ እስኪገባ ድረስ ቆየ። የዋሽንግተኑ አባት በመጨረሻ ይቅርታ ጠይቀዋል፣ እኔም ቅር አላለኝም።

10ኛ መልስ። ለእኔ ጥያቄ በቀጥታ የመለሰው ይሄ ነው። ድሮ ራሱ ሰው የሚያስገባ የነበረ ልጅ ነው፣ ሁለት ዓመት ሠርቶበታል፣ አሁን ያንን ሲያስብ እንደሚያፍር ሳይደብቅ ጽፏል። በየቅዳሜው አዳራሽ ተሰብስበው ይሰለጥኑ ነበር። መጀመሪያ የሚሰጣቸው ሥራ የሚያውቁትን ሰው ስም መጻፍ ነው፣ 100 ስም። ዘመድ፣ የሰፈር ልጅ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ የሠርግና የክርስትና ፎቶ የለጠፈ ሰው ሁሉ። ደስታ ያለበት ቤት ሰው ስለ ነገ ያስባል ይባሉ ነበር፣ ስለዚህ የእኔ ልጅ ክርስትና ስር መጻፋቸው በአጋጣሚ ላይሆን ይችላል አለ። እትዬ ተንኮል አስበው ነው ማለቱ እንዳልሆነ ግን ደግሞ ደጋግሞ ተናግሯል፣ እንዲህ አድርጉ ተብለው የተነገራቸውን ነው ያደረጉት።

ዋናው ነገር ምክንያት የሚባለውን ሁሉ የሚመልሱበት ቃል ተሰጥቷቸዋል። ብር የለኝም ላለ ሰው በትንሹ ጀምር ወይ ከሚያምንህ ሰው ተበደርና በወር ትመልሳለህ። ጊዜ የለኝም ላለ በቀን ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። ባለቤቴን ላማክር ላለ ሁለታችሁም ኑና አብራችሁ ስሙ። ላስብበት ያለ ሰው ስሙ አጠገብ ምልክት ይደረግበታል፣ በሦስተኛው ቀን ይደወልለታል። ልጁ አለቀሰ ብሎ ስልክ የዘጋ ደግሞ (እኔን ማለቱ ነው) እስካሁን እምቢ አላለም ተብሎ ነው የሚያዘው። ስለዚህ ሰው ለትህትና ብሎ የሚያቀርበው ምክንያት ሁሉ ለነሱ መግቢያ በር ነው። ከዝርዝሩ ላይ የሚሰረዘው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነበር አለ፣ ምስጋናውን ሰጥቶ፣ እኔ በእንዲህ ዓይነቱ አልገባም ብሎ፣ ለምን ሲሉት ምክንያት ሳይጨምር ያንኑ ቃል በዛው ድምፅ የደገመ ሰው። ሁለተኛ ጊዜ ሲደግመው ይተዉት ነበር፣ ምክንያቱም የሚከራከሩበት ነገር አልሰጣቸውም።

ስለ ሥራው ጠይቆ የሚከራከርም አይረዳም ብሎናል። እንዴት ነው የሚሠራው ብለህ ኮሜንት ላይ ከጠየቅክ ለሚያነበው ሰው ፍላጎት ያለህ ትመስላለህ፣ ለአስገቢዋም ደግሞ ከላይዋ ያለው ሰው እየነገራት የምትመልስልህ ይሆንና ከእትዬ ጋር ሳይሆን ከማታውቀው ሰው ጋር ስትከራከር ትውላለህ።

11ኛ መልስ። የሒሳብ ባለሙያ ናት፣ ስለ አፑ ዝርዝር ጠይቃኝ እኔም ሊንኩን ሳልነካ ከእትዬ ኮሜንትና አፑ ውስጥ የገቡ ሰዎች ካሉበት ግሩፕ ስክሪንሾት ያየሁትን ሰጠኋት። መግቢያው 4,500፣ በቀን 150፣ በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራል፣ በሳምንት አንዴ ይወጣል። ሰው ላስገባ 12 ከመቶ፣ ያ ሰው ላስገባው 5፣ ከዛ በታች ላለው 2፣ አንድ ላይ 19 ከመቶ ማለት ነው። እሷም እንዲህ አሰበችው። ዛሬ 100 ሰው ቢገባ 450,000 ብር ይሰበሰባል። ሁሉም በሰው በኩል የገባ ከሆነ ከዛ ላይ 85,500 ለአስገቢዎቹ ይሄዳል፣ 364,500 ይቀራል። ለ100ው ሰው በቀን 15,000 ይከፈላል። ሲካፈል 24 የሥራ ቀን ነው፣ ባለቤቶቹ ለራሳቸው አንድ ብር ባይወስዱ እንኳን። 4,500 ለመመለስ ደግሞ 30 የሥራ ቀን ያስፈልጋል። የገባው ገንዘብ ለከፈሉት ለ100ው ሰዎች እንኳን ተመልሶ አይበቃም፣ ስለዚህ በ25ኛው ቀን የሚከፈለው ከሌላ ሰው ኪስ ነው።

ቀጥላም የእትዬን ስክሪንሾት እንድናየው አደረገች። በሦስት ሳምንት ሦስት ጊዜ 900 ወጥቶላቸዋል፣ 2,700 መሆኑ ነው። ያ ገቢ አይደለም፣ ከራሳቸው 4,500 ላይ 2,700 ተመለሰላቸው እንጂ፣ ገና 1,800 ይቀራቸዋል። ቶሎ ቶሎ የሚከፍሉትም ለዚህ ነው፣ ሰውየው ስክሪንሾቱን አይቶ ሲያምን ሦስት እጥፍ ከፍሎ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይወጣል፣ የወሰደውንም ይዞ ይመለሳል። መዝጊያው ሲደርስ ምን እንደሚታይም ነገረችን፣ መጀመሪያ ግሩፑ ላይ ከአድሚን በቀር ማንም እንዳይጽፍ ይደረጋል፣ ቀጥሎ ማውጣት በጥገና ምክንያት ቆሟል ይባላል፣ ከዛ ገንዘባችሁን ለማውጣት መጀመሪያ ግብር ወይም ማረጋገጫ ክፈሉ ይላሉ። ያቺ የመጨረሻ ክፍያ ሁሌም ትጠፋለች።

12ኛ መልስ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሻከረው። አንዱ ለ11ኛዋ ልጁ የጠየቀው ትህትና ነው፣ አንቺ ካልኩሌተር ይዘሽ መጣሽ፣ ትልቅ ሰው ፊት 19 ከመቶ እያልክ ብታወራ ራሱ ንቀት ነው ብሎ ጻፈባት። አነጋገሩ ከረር ያለ ቢሆንም ሀሳቡ ውስጥ እውነት ነበረው፣ ሰው ያመነበትን ነገር በቁጥር ሲያፈርሱበት የሚሰማው ሞኝ ነህ መባል ነው። እሷም አልተቆጣችም። ሒሳቡን ለእትዬ አሳያቸው እንዳላለች፣ እኔ ራሴ በልቤ እንዳልወላውል እንደሆነ፣ ለእሳቸው አንድ ጥያቄ ብቻ እንደሚበቃ መለሰች። የጣሉት ዋናው ገንዘብ ተመልሶ እጅዎ ገብቷል ወይ የሚል። ያንን ሰው ራሱ ነው የሚቆጥረው፣ ሲቆጥር ደግሞ ማንም አላሳፈረውም።

13ኛ መልስ። ታሪክ የሚወድ ሰው ነው። አልባኒያ በ1990ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ሕዝቡ ቤቱንም ከብቱንም ሸጦ እንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ ገብቶ፣ 1997 ላይ ሲፈርስ አገሪቱ ተበጣብጣ መንግሥት እንደወደቀ አነሳ። 2ኛው ተመልሶ መጥቶ ይሄው ስል ነበር፣ መንግሥት ለሚጥል ነገር ምን ትህትና ያስፈልጋል አለ። ትንሽ ሰው ተሰዳደበ፣ አድሚኑ አጠፋው።

14ኛ መልስ። ወጣት ልጅ ናት፣ የአንድ ሱቅ ፔጅ ነው የምታስተዳድረው። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ስለ እትዬ ስናወራ ዝርዝሩን ላኩልኝ ያሉትን ሦስት ሰዎች ረስተናቸዋል አለች። ልክ ናት፣ ጥያቄዬ ላይ ጽፌው ራሴም ረስቼው ነበር። የፎቶው ባለቤት አንተ ነህ፣ ዝም ካልክ እነሱ የሚያነቡት እሱም ይስማማበታል ብለው ነው። ደብቀው ላላት ሰው ደግሞ ፌስቡክ ላይ ኮሜንት ስትደብቅ ለጻፈው ሰውና ለጓደኞቹ መታየቱን እንደሚቀጥል አስረዳች፣ የእትዬ ጓደኞች ደግሞ የሰፈራችን ሰዎች ናቸው፣ የአክስቴን ልጅ ጨምሮ። ማለትም የሚደበቀው ምንም ከማይጎዳው ሰው ነው፣ ሊገባበት የሚችለው ሰው ያየዋል። ማጥፋት ይቻላል፣ ግን ሳይነግሩ ማጥፋት ከመስደብ አይተናነስም ብላለች።

15ኛ መልስ። 1ኛው ሰው ተመልሰው መጡና ለዚህኛው አልተስማሙም። ሰው ፊት እምቢ ማለት ማሳፈር ነው፣ ትልቅ ሰው የሚነገረው ለብቻው ነው፣ ለአክስትህ ልጅ ለብቻዋ ደውል ለእትዬም ለብቻቸው ደውል አሉ። 14ኛዋ ደግሞ የማታውቃቸው አንብበው ዝም ያሉ ሰዎችስ ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ለዛ መልስ የለኝም ብለው ጻፉ፣ ይሄን ማለታቸውን ወደድኩት።

16ኛ መልስ። 10ኛው ላይ የመለሰው ልጅ ነው እንደገና። ሁለቱን ለያይተህ አስቀምጣቸው አለኝ። ሰው ፊት የምትጽፈው ስለራስህ ብቻ ይሁን፣ ስለ አፑም ስለ እሳቸውም ምንም አትበል። ያንን ያነበበ ሰው ፎቶው የሱ የሆነው ሰው እንደማይገባበት ያውቃል፣ እትዬ ደግሞ የሚያፍሩበት ቃል የለውም። ስለ አፑ ያለህን ለብቻቸው በስልክ ንገራቸው፣ ኮሜንቱንም ራሳቸው እንዲያነሱት ለምናቸው፣ አንተ አታጥፋው። እና ደግሞ ከመጻፍህ በፊት ደውል፣ ኮሜንቱን ቀድመው ካዩት ስልኩን አያነሱም።

17ኛ መልስ። 6ኛዋ ከጅዳ ናት፣ አጭር ነው የጻፈችው። እምቢ ካልክ በኋላ መደወልህን እንዳትተው አለችኝ። እሷና እህቷን ያራራቀው ብሩ ብቻ አይደለም፣ ስለሱ እንዳያወሩ ብለው ጭራሽ ማውራት መተዋቸው ነው።

18ኛ፣ የእኔ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደወልኩላቸው። መጀመሪያ ያለፈው ጊዜ ልጁ አለቀሰ ያልኩት ውሸት እንደነበረ ነገርኳቸው፣ ሳቁ። ከዛ እትዬ ለልጄ ስላሰቡለት እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ ግን በእንዲህ ዓይነቱ ነገር አልገባም አልኳቸው። እንደተባለው ብር ከቸገረህ እኔ አበድርሃለሁ አሉኝ። ልቤ ቀለጠ፣ እውነቴን ነው፣ ያላቸውን እኮ ነው ሊሰጡኝ የፈለጉት። ያንኑ ደገምኩት፣ አመሰግናለሁ እትዬ፣ እኔ አልገባበትም። ትንሽ ዝም ብለው እሺ የኔ ልጅ አሉ።

ከዛ የጣሉት ተመልሶልዎታል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። መቁጠር ጀመሩ፣ ሦስት ጊዜ 900፣ እያሉ። 1,800 እንደሚቀራቸው ራሳቸው ደረሱበት። ከዛ ያልጠበቅኩትን ነገሩኝ፣ ባለፈው ሳምንት 13,500 ጨምረው ወደ ሁለተኛው ደረጃ ወጥተዋል፣ ከዛ ውስጥ 6,000ው የዕድር ገንዘብ ነው፣ ገንዘብ ያዥ ናቸው። ምንም አላልኩም፣ የምለውም አልመጣልኝም። ኮሜንቱን እንዲያነሱት ስለምናቸው ቀስ ብለው እንደማይችሉበት ነገሩኝ፣ የአክስቴ ልጅ እንዴት እንደሚጠፋ አሳይታቸው አነሱት። እኔም ፎቶው ስር ለምርቃቱ አሜን ብዬ፣ በመሃል ዝርዝሩን ለጠየቁት ደግሞ እኔ በዚህ ዓይነቱ ሥራ የለሁበትም፣ ወደፊትም አልገባም ብዬ ጻፍኩ። ከሦስቱ ሁለቱ ላይክ አደረጉ፣ ሦስተኛው ተመዝግቦ እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

ሰኞ ዕለት እትዬ ሁሉንም ላውጣ ብለው ጠየቁ። እስከ ዛሬ አርብ በሂደት ላይ ይላል። ትናንት ማታ ከግሩፑ መልእክት መጥቶላቸዋል፣ ለማውጣት 2,700 ማረጋገጫ ይክፈሉ የሚል፣ ደውለው ልክፈል ወይ ሲሉኝ እንዳይከፍሉ ብዬ ለመንኳቸው። 5ኛውን ሰው ለብቻው ጠይቄው መልእክቶቹን በሙሉ፣ ገንዘቡ የተላከበትን የቴሌብር ቁጥርና የግሩፑን ስም ሳይጠፋ ፎቶ አንስታችሁ ለፖሊስ አመልክቱ፣ ገንዘባችሁን እናስመልሳለን ብሎ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ እሱም ከዛው ወገን ነው ብሎኛል። ነገ ሌሊት በአውቶቡስ ደሴ እሄዳለሁ፣ ለዕድሩ ሰዎች ብቻቸውን እንዳይነግሩ አብሬያቸው እገባለሁ። ለዕድር ዳኛ እንዲህ ዓይነት ነገር ያስረዳ ሰው ካለ፣ ከየት እንደጀመረ ቢነግረኝ ዛሬ ማታ አነበዋለሁ።